«ቤቱ» የማን ነው?

ካዛንቺስ ማለት «ቤቶች» ማለት ነው። ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘባቸው ዓመታት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ለመንግሥት ሠራተኞቹ መኖሪያ የሚሠራ አንድ ተቋም ነበረው። የተቋሙ ስም ሲያጥር «ኢንቺስ» ይባላል። የሠራቸው ቤቶች ደግሞ «ካዜ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች፣ ተባሉ። ጣሊያን ሄደ፣ ቤቶቹ ቀሩ፣ ሠራተኞቹን ማንም አያስታውሳቸውም። ስሙ ግን በአዲስ አበባ ሰው አፍ ውስጥ ተቀጥቅጦ «ካዛንቺስ» ሆነ። ዛሬ ካዛንቺስ የምንል ሰዎች ሁሉ ሳናውቀው የአንድ ጣሊያናዊ መሥሪያ ቤት ንብረት እየጠራን ነው።

ከዚያው ከቂርቆስ ክፍለ ከተማ ሳንወጣ ወደ ለገሃር እንውረድ። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ የባቡር ኩባንያውም ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። በፈረንሳይኛ የባቡር ጣቢያ «ጋር» ነው። «ላ» ደግሞ እንግሊዝኛው «ዘ» የሚለው ቃል አቻ ነው፤ ከስሙ ፊት ቆሞ «ታውቀዋለህ፣ ያ ጣቢያ» ይላል። የኛ ሰው ሁለቱን ለይቶ አልሰማቸውም። አንድ ላይ ዋጣቸውና «ለገሃር» አላቸው። ስለዚህ «ለገሃር አካባቢ» ስንል የፈረንሳይኛው «ላ» አሁንም እዚያው አለ፤ ሥራው ግን ቀርቷል። ማንም «ለ» የሚለውን ፊደል ቆርጦ «ገሃር» የሚል የለም።

ይሄ የኛ ብቻ ነገር እንዳይመስላችሁ። አውሮፓውያንም የዓረብኛውን «አል» ከነስሙ ውጠው አልጄብራ፣ አልኮል ብለዋል። ሰው የማያውቀውን ቋንቋ ሲሰማ፣ ስሙን ከጠቋሚው አይለይም። የኛ ጆሮ ደግሞ የሚሳሳትበት የራሱ ምክንያት አለው። የኛ ጠቋሚ ከፊት አይቆምም፣ ከኋላ ነው የሚለጠፈው፦ ቤት፣ ቤቱ። በሬ፣ በሬው። ልጅ፣ ልጅቷ። ከፊት የመጣ ነገር ለአማርኛ ተናጋሪ የስሙ አካል ይመስለዋል።

እኔ የምተዳደረው ሰነድ በመተርጎም ነው፤ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ። ሥራዬ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚያስቆመኝ ከባድ የሕግ ቃል አይደለም። የሚያስቆመኝ ይቺ የቃል መጨረሻ ላይ ያለች ትንሽ «ኡ» ናት። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት መጀመሪያ ሁለቱ ጠቋሚዎች ከየት እንደመጡ መናገር አለብኝ።

የእንግሊዝኛው «ዘ» የመጣው «ያ» ከሚል ቃል ነው። በድሮው እንግሊዝኛ ነገርን በጣት ለማሳየት የሚያገለግሉ ቃላት ነበሩ። በጊዜ ብዛት ጣቱ ታጠፈ፣ ቃሉ ቀረ። ዛሬ «ዘ» ሲባል ነገሩን ማየት አያስፈልግም፤ «የቱን እንደምል ታውቃለህ» ማለት ብቻ ነው። የፈረንሳይኛው «ላ»ም ታሪኩ ያው ነው፤ እሱም በላቲን «ያ»፣ «ያቺ» ከሚሉ ቃላት ወርዷል። የማይታወቀውን ነገር የሚያስገባው «ኤ» ወይም «ኤን» ደግሞ «አንድ» ከሚለው ቁጥር የተገኘ ነው። እዚህ ላይ እንገናኛለን። እኛም «አንድ ሰውዬ መጣ» ስንል ሰውን እየቆጠርን አይደለም፤ ለአድማጩ አዲስ ሰው እያስተዋወቅን ነው።

የኛዋ «ኡ» ግን ከጣት አልመጣችም። ከባለቤትነት ነው የመጣችው።

በግዕዝ «ቤት» የሚለው ቃል ብቻውን «አንድ ቤት»ም «ያ የምታውቀው ቤት»ም ሊሆን ይችላል። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ጠቋሚ የለውም፤ አንባቢው ከአውዱ ይረዳል። «ቤቱ» ካለ ግን ትርጉሙ «የእሱ ቤት» ነው። ግዕዝ ታዲያ አንድ ዘዴ ነበረው። «የንጉሡ ቤት» ለማለት ሲፈልግ «ቤቱ ለንጉሥ» ይላል፤ ቃል በቃል «ቤቱ፣ የንጉሥ» እንደማለት። እዚህ ላይ «ኡ» ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ትሠራለች። ቤቱ ባለቤት እንዳለው ትናገራለች። ባለቤቱ የታወቀ ስለሆነ ደግሞ ቤቱም የታወቀ ይሆናል። የማን እንደሆነ የሚታወቅ ነገር፣ የቱ እንደሆነም ይታወቃላ!

በአማርኛ ይህ ሁለተኛው ሥራ ራሱን ቻለ። ባለቤቱ ባይጠራም፣ ጭራሽ ባለቤት ባይኖርም፣ «ኡ» የታወቀ ነገር ምልክት ሆና ቀረች። «ዝናቡ አቆመ» ስንል ዝናቡ የማንም አይደለም። «መንገዱ ተዘጋ» ስንልም እንዲሁ። የሴም ቋንቋዎች ተመራማሪው አሮን ሩቢን በፈረንጆቹ 2010 ባሳተመው ጽሑፍ ይህንን የአማርኛ ጉዞ ከኢንዶኔዥያ ቋንቋ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦታል። በኢንዶኔዥያኛ «ሩማህ» ቤት ነው፤ «ሩማህኛ» ደግሞ «የእሱ ቤት» ወይም «የእሷ ቤት»፣ ወይም «ቤቱ» ሊሆን ይችላል። ምንም ዝምድና የሌላቸው ሁለት ቋንቋዎች በአንድ መንገድ ሄደዋል ማለት ነው።

ነገር ግን አሮጌው ሥራ አልጠፋም። «ኡ» አሁንም «የእሱ» ትላለች። ስለዚህ በአማርኛ «ቤቱ» የሚለው ቃል እንግሊዝኛ ሁለት ቦታ ላይ ያስቀመጠውን ነገር በአንድ ፊደል ተሸክሟል፦ «ዘ ሃውስ» እና «ሂዝ ሃውስ»። እንግሊዝኛ ተናጋሪ አንዱን ሳይመርጥ አፉን መክፈት አይችልም። እኛ ሳንመርጥ ዕድሜያችንን ሙሉ ማውራት እንችላለን።

ታዲያ ይሄ ነገር ለካዛንቺስ ምን አመጣ?

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 47ን አወጣ። አንድ ሰው የሚኖርበትን አንድ ቤት ይዞ ይቀራል፤ የሚያከራየው ሌላ ቤት ካለ «ትርፍ» ተብሎ ይወረሳል። ከተወረሱት ውስጥ ወርኃዊ ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት ለቀበሌዎች ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑትን የኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ያዛቸው። «የቀበሌ ቤት» የሚለው ስም የተወለደው እዚህ ነው። ካዛንቺስና ቂርቆስ በሙሉ በእንደዚህ ያሉ ቤቶች የተሞሉ ሰፈሮች ሆኑ።

የቀበሌ ቤት የሚኖርበት ሰው ባለቤት አይደለም፣ ተከራይ ነው። ግን ምን ዓይነት ተከራይ? ኪራዩ ጥቂት ብር ነው። እዚያው አግብቶ፣ እዚያው ልጅ ወልዶ፣ እዚያው ልጁን ድሮ፣ አንዳንዴም እዚያው ድንኳን ተጥሎለት የሚሸኝ ተከራይ። ጓዳውን ራሱ ቀጥሎ ሠርቷል፣ ቆርቆሮውን ራሱ ቀይሯል፣ ግቢው ውስጥ ያለውን ውሃ ከጎረቤት ጋር ራሱ አስገብቷል። ይህ ሰው «ቤቴ» ይላል እንጂ «የቀበሌው ቤት» አይልም። ጎረቤትም ስለ እሱ ሲያወራ «ቤቱ» ይላል። ይህቺ «ኡ» የትኛዋ ናት? የታወቀው ቤት ነው ወይስ የእሱ ቤት? በሰፈሩ ወሬ ውስጥ ማንም አይጠይቅም፤ መልሱም ለማንም አያስፈልግም። ለአርባና ለሃምሳ ዓመት ሰው በሁለቱ ትርጉሞች መካከል ተመቻችቶ ኖሯል።

ጥያቄው የሚመጣው ወረቀቱ ወደ እንግሊዝኛ ሲሄድ ነው። እስቲ አንድ ዓረፍተ ነገር ልሥራና አብረን እንበትነው፦ «ተከራዩ ቤቱን ለወንድሙ ትቶ ወጣ።» ሦስት «ኡ» አሉ፤ ሦስቱም አንድ ዓይነት ይመስላሉ።

የመጀመሪያዋ «ተከራዩ» ላይ ያለችው ናት። ቀደም ብሎ ስለዚሁ ተከራይ የተወራ ከሆነ ይህቺ ጠቋሚ ናት፤ በእንግሊዝኛ «ዘ» ትሆናለች። ቀደም ብሎ ስለ አንድ አከራይ ወንድ የተወራ ከሆነ ደግሞ «የእሱ ተከራይ» ልትሆን ትችላለች። ሦስተኛዋን፣ «ወንድሙ» ላይ ያለችውን፣ እናቆያት፤ እሷ ቀላል ናት። ወንድም፣ አባት፣ ሚስት የሚሉ የዝምድና ቃላት ሁልጊዜ «የማን?» የሚል ጥያቄ ይዘው ስለሚመጡ፣ «ኡ» እነሱ ላይ ስትለጠፍ በመጀመሪያ የምትሰማው እንደ ባለቤት ነው፦ የእሱ ወንድም።

ችግሩ መሐል ላይ ነው፤ «ቤቱን» ላይ። መጨረሻ ላይ ያለው «ን» ያግዘን ይሆን? አያግዝም። «ን» የታወቀ ነገር ላይ ድርጊት ሲፈጸም የግድ የሚመጣ ምልክት ነው። «ቤት ሸጠ» ይባላል፣ «ቤቱ ሸጠ» ግን አይባልም፤ «ቤቱን ሸጠ» ነው። ይሁንና «የእሱ ቤት»ም «ያ ቤት»ም ሁለቱም የታወቁ ስለሆኑ «ን»ን እኩል ይወስዳሉ። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ መልስ የለም። «ሂዝ ሃውስ» ብዬ ብጽፍ፣ ወረቀቱን የሚያነበው ፈረንጅ ሰውየው ካርታ ያለው ባለንብረት ይመስለውና ካርታውን ይጠይቃል። «ዘ ሃውስ» ብዬ ብጽፍ፣ ሰውየው በእርግጥ ባለቤት ከነበረ መብቱን በአንዲት ቃል ቆርጬበታለሁ። ስለዚህ እዚህ ጋ ከሰዋስው ወጥቼ የኪራይ ደረሰኝ ወይም ካርታ እጠይቃለሁ። የቀበሌ ኪራይ ደረሰኝ ካለ «ዘ» ነው።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ ከባድ አይደለም። አማርኛ ራሱ የሚሰጣቸው መለያዎች አሉ፤ ከሥራ ብዛት የለመድኳቸውን ሦስቱን ልንገራችሁ።

አንደኛው፣ ሰውየውን በሴት መለወጥ ነው። «ተከራይዋ ቤቷን ለቀቀች» ካላችሁ የእሷ ቤት ነው። «ተከራይዋ ቤቱን ለቀቀች» ካላችሁ ግን ቤቱ በእሷ ስም አልተጠራም፤ ያ የምናውቀው ቤት ነው፣ ወይም የሌላ ወንድ ነው። አያችሁ? ሴት ስትሆን ጥርጣሬው ወዲያው ይጠራል። ሽማግሌ ስታደርጉትም እንደዚያው ነው፦ «ቤታቸውን ለቀቁ» እና «ቤቱን ለቀቁ» ለየብቻ ናቸው። እንዲያውም ብትቆጥሩት፣ በአማርኛ እኔ፣ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እሱ፣ እሷ፣ እሳቸው፣ እኛ፣ እናንተ፣ እነሱ የምንላቸው አሥር አሉ። «ቤት» ላይ ሲለጠፉ ይህን ያህል የሚያምታታው አንዱ ብቻ ነው፤ «አንቱ» ያልተባለው፣ ሩቅ ያለው ወንድ። ሰው ሲከበር ንብረቱም ይለያል ማለት ነው።

ሁለተኛው፣ ከስሙ ፊት ቅጽል ማስገባት ነው። የአማርኛ ጠቋሚ ቅጽል ሲያገኝ ከስሙ ተነሥቶ ቅጽሉ ላይ ይቀመጣል፦ ቤቱ፣ ትልቁ ቤት፣ የተወረሰው ቤት። ባለቤትነት ግን ከስሙ አይነቀልም። «ትልቁ ቤቴ» እንላለን፤ «ቴ» ቤት ላይ ቀረች። ስለዚህ «ትልቁ ቤት ፈረሰ» ካለ ሰነዱ፣ ይህቺ «ኡ» ጠቋሚ ናት፣ ባለቤት አይደለችም። «ትልቁ ቤቱ ፈረሰ» ካለ ግን ሁለቱም አሉ፤ አንዷ ትጠቁማለች፣ አንዷ ባለቤቱን ትናገራለች። አንዲት ቅጽል ሁለት የተጣበቁ ትርጉሞችን ትለያለች።

ሦስተኛው፣ ሕዝቡ ራሱ የፈጠረው መፍትሔ ነው፦ «የው» እና «የዋ»። ሰውየው፣ ልጅየው፣ ባልየው፣ ሚስትየዋ፣ አባትየው። እነዚህ ቃላት «የእሱ» አይሉም። «ሚስቱ» የእሱ ሚስት ናት፤ «ሚስትየዋ» ግን ያቺ የምናወራላት፣ የጉዳዩ ሚስት ናት። የፍርድ ቤት ወሬ የምትሰሙ ከሆነ ልብ በሉ፤ «ባልየው እንዲህ አለ፣ ሚስትየዋ እንዲህ አለች» የሚባለው ለዚህ ነው። የማን ባል፣ የማን ሚስት እንደሆነ ሳይነኩ ሰዎቹን ብቻ ለመጠቆም ይመቻል። አሳዛኙ ነገር ይህ መሣሪያ በብዛት የሚሠራው ለሰው ነው። ለቤት ብዙም አይመችም። ሰውን ከባለቤቱ ለመለየት መንገድ አገኘን፤ ቤትን ከባለቤቱ ለመለየት ግን ያው «ኡ» ላይ ቀረን።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ ጠቋሚ ብዙ ጊዜ የማይወስዱ ቃላት። እንግሊዝኛ «መንግሥት» ለማለት በአብዛኛው «ዘ» ይጨምራል። ደርግንም ፈረንጆች ሲጽፉት «ዘ ደርግ» ይሉታል። እኛ ግን «መንግሥት ወሰነ»፣ «ደርግ ወረሰ» እንላለን፤ ምንም ሳንለጥፍ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አንድ ብቻ ስለሆነና ሁሉም ስለሚያውቀው እንደ ሰው ስም ይጠራል። «መንግሥቱ» ካልንማ አብዛኛው ሰው የሚያስበው የደርጉን ሊቀ መንበር ነው፤ ስሙ ራሱ «የእሱ መንግሥት» ማለት ቢሆንም። እንግዲህ የ1967ቱን ነገር በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ብንጽፈው «መንግሥት ቤቱን ወረሰ» ይሆናል። ወራሹ ምልክት አያስፈልገውም። የተወረሰው ግን ምልክት አለው፤ ምልክቱም የታወቀ ቤት ይሁን የአንድ ሰው ቤት አይናገርም።

በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ካዛንቺስ ሲደርስ እነዚያ ቤቶች በብዛት ፈረሱ። የልማት ተነሺ የሚባለው ሰው የሚስተናገድበት መንገድ የግል ባለይዞታ ሲሆንና የቀበሌ ተከራይ ሲሆን የተለያየ ነው። በዚያን ሰሞን ሰፈሩ ውስጥ የሚሰማው ቃል ግን ለሁሉም አንድ ነበር፤ «ቤቱ ፈረሰ»። ካርታ የነበረውም ይላል፣ ደረሰኝ ብቻ የነበረውም ይላል። ከሁለቱ የትኛው ማለቱ እንደሆነ ቃሉ አይነግራችሁም። ተርጉሙ ከተባላችሁ ግን አንዱን መጻፍ ግድ ነው፤ ያኔ እንግሊዝኛው ሰውየውን ወደ አንድ ወገን ይወስደዋል።

እኔ አማርኛ እዚህ ላይ ጎደሎ ነው አልልም። የግዕዙን «የእሱ» ወስዶ «የምናውቀው» ያደረገ ቋንቋ፣ አንድን ነገር የምናውቀው የማን እንደሆነ ስናውቅ ነው ብሎ የጀመረ ቋንቋ ነው። አርባ ዓመት ኪራይ ለከፈለ ሰው ይህ ጥሩ መጠለያ ሆኖት ነበር። ጎረቤቱ «ቤቱ» ሲለው ሐሰት አልተናገረም፣ ሕግም አልጣሰም። እንግሊዝኛ እንደዚያ የሚጠለሉበት ቃል የለውም። የሚገርመኝ ደግሞ የሰፈሩ ስም ነው። ካዛንቺስ፣ የኢንቺስ ቤቶች። ከሰማኒያ ዓመት በላይ አለፈው፤ ከቤቶቹ ብዙዎቹ የሉም፣ የኖሩባቸው ሰዎች ስም የትም አልተጻፈም። በስሙ ውስጥ ባለቤት ሆኖ የቀረው ያው መሥሪያ ቤት ብቻ ነው፤ አንድም ቀን ማታ ገብቶ ያላደረበት።